የፈተና ሰሞን ማስታወቂያ፦ የተጨነቀን ቤተሰብ ሳያስፈራሩ ተማሪ መመዝገብ

ግንቦት ሲገባ ጎንደር ውስጥ የቱቶሪያል ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት ምሰሶ ማግኘት ይከብዳል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ከላይ ትልቅ ቀይ ጽሑፍ፣ መሀል ላይ የአንድ ጎበዝ ተማሪ ፎቶ፣ «100% ማለፊያ»፣ ከሥር ስልክ ቁጥር። ወላጁ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ ባጃጁን አስቁሞ ይሄዳል።

ወላጁ የማለፊያውን ቁጥር ከእናንተ ከማስጠኛ ባለቤቶቹ በላይ ያውቀዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህን በዜና የሰማ አባት «100%» ሲያነብ ከመደሰት ይልቅ ይጠራጠራል። ልጁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ማስታወቂያው ሲጮህበት «ሁሉም ጀምሯል፣ እኔ ቀርቻለሁ» ብሎ ጭራሽ ደብተሩን ይዘጋል።

ስለዚህ እዚህ የማሳየው መንገድ አንድ ነገር ላይ ይቆማል። ማስታወቂያው ሁሉ፣ ወረቀቱም አጭር መልእክቱም ቴሌግራሙም፣ ወደ አንድ ነፃ የመለኪያ ፈተና ይጠራል። ውጤቱ በማግስቱ ለወላጅ ፊት ለፊት ይብራራል። ምዝገባ የሚመጣው ከዚያ ነው።

እንደ ምሳሌ ማራኪ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ማዕከል እንውሰድ። ሁለት ክፍል፣ በክፍል 12 ወንበር፣ ሦስት መምህራን። የሚያስጠኑት የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን ነው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቀይሩ፤ አሠራሩ ግን አይለወጥም። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ የምትሠሩም ብትሆኑ ከፈተናው ይዘት በቀር ሁሉም ያው ነው።

1. ከወንበሩ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ያለው ወንበር 24 ነው። 8ቱን ነባር ተማሪዎች ይዘውታል እንበል። የቀረው 16 ነው። ውጤቱን ሰምተው ከሚሄዱ ሦስት ቤተሰቦች አንዱ ይመዘገባል ብለን ብንገምት፣ መለኪያ ፈተናው ላይ 48 ልጅ መቀመጥ አለበት። 48 ልጅ በ24 ወንበር ሁለት ዙር ነው። አንዱ ቅዳሜ ጠዋት 3፡00፣ ሌላው 5፡00።

ሒሳቡን እስከ እሑድ ድረስ ግፉት። አንዱን ወረቀት በደንብ ለማረም አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከሦስቱ መምህራን ለእያንዳንዱ 16 ወረቀት ይደርሳል፤ ይህ ሰማንያ ደቂቃ ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አሥር ደቂቃ ብትሰጡ ደግሞ እያንዳንዱ መምህር ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይቀመጣል። እሑድ ከሰዓት 8፡00 ብትጀምሩ 10፡40 ላይ ትጨርሳላችሁ። ከቅዳሴም ከምሳም በኋላ ነው፤ ሳይመሽም ሰው ቤቱ ይገባል።

ይህን ሳያሰሉ ሺህ ወረቀት የሚበትኑ አሉ። መቶ ልጅ ይመጣል፣ ወረቀቱ ሳይታረም ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ የመጣው ቤተሰብ ተቀይሞ ይሄዳል። የተቀየመ ቤተሰብ ደግሞ ዝም አይልም።

ቀኑን ስትመርጡ የበዓሉን ሰሞን ተዉት። ፈተናው ባለፉት ዓመታት ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ውስጥ ሲውል ቆይቷል። ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ጥሩ ነው። ዘመድ ጥየቃ አልቋል፣ ለበዓል የወጣው ገንዘብ ትንሽ ትንሽ እየተመለሰ ነው፣ ለፈተናውም ሁለት ወር ገደማ ይቀራል። ከዚህ ብትዘገዩ የምትሸጡት ጊዜ ራሱ እያለቀባችሁ ይሄዳል።

2. መለኪያ ፈተናውን አዘጋጁ

ከማስታወቂያው በፊት ይህ ይለቅ። ሃያ የሒሳብ ጥያቄ፣ ሃምሳ ደቂቃ። ከሃያው ስድስት ሰባቱ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መሠረት ላይ ይሁኑ፤ ልጆቹ የሚንሸራተቱት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ሆን ብላችሁ አታክብዱት። ልጁን ጥሎ «አየህ፣ እኛ እናስፈልግሃለን» ለማለት የተሠራ ፈተና ወዲያው ይታወቃል። ጎበዝ ተማሪ ቤቱ ሄዶ ለጓደኞቹ ይናገራል።

ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ጥያቄ አራት ምልክት አዘጋጁ፦ ባዶ የተተወ፣ ስሌት የተሳሳተ፣ ጥያቄውን በደንብ ያላነበበ፣ ሐሳቡን ጨርሶ የማያውቀው። ልጁ የሠራበትን ረቂቅ ወረቀት ካልሰበሰባችሁ እነዚህን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ረቂቁም ስሙ ተጽፎበት ከመልሱ ጋር ይሰብሰብ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ እሑድ ለወላጅ የምታሳዩት ግን እሷን ነው።

3. የወላጁን ወረቀት ጻፉ

መጀመሪያ የተለመደው ዓይነት፦

«ወላጆች ሆይ! የልጅዎ የወደፊት ዕጣ በእጅዎ ነው! በምርጥ መምህራን፣ በዘመናዊ ዘዴ፣ 100% የማለፍ ዋስትና! ቦታ ሳይሞላ ይፍጠኑ!»

እዚህ ውስጥ ወላጁ የሚፈልገው አንድም ነገር የለም። ሰዓቱ የለም፣ ዋጋው የለም፣ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለ የለም፣ ልጁ ስንት ሰዓት ቤት እንደሚገባ የለም። ያለው ማስፈራሪያና ሊጠበቅ የማይችል ቃል ብቻ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ «ዋስትና» የምትለዋ ቃል ችግር ውስጥ ልትከታችሁ ትችላለች። ዋስትናው ባይከበር ገንዘብ መላሹ ማን ነው?

አሁን እንዲህ ጻፉት፦

«የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ቤትዎ አለ?

ቅዳሜ ጠዋት ነፃ የሒሳብ መለኪያ ፈተና እንሰጣለን። ልጅዎ የቱ ጋር እንደሚሳሳት በወረቀት ጽፈን እሑድ ከሰዓት እናስረዳዎታለን። መመዝገብ ግዴታ አይደለም።

ለመመዝገብ ከፈለጉ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ9፡30 እስከ 11፡00፣ በአንድ ክፍል 12 ተማሪ። የወር ክፍያው ይህን ያህል ነው፤ የወረቀትና የፈተና ተብሎ ሌላ ክፍያ የለም። መብራት ቢጠፋ የሚሞላ መብራት አለን፤ ትምህርቱ አይቋረጥም።»

ከሥር አድራሻና ስልክ። አድራሻ ሲባል «ማራኪ» ብቻ አይበቃም። ከየትኛው መንገድ፣ ከምን ፊት ለፊት፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ይጻፍ።

የክፍያውን ቦታ ባዶ አትተዉት። «ዋጋ በስልክ» ሲባል ወላጁ ውድ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ደግሞም መደወል የሚያሳፍረው ሰው ብዙ ነው። 11፡00 የሚለውም በከንቱ አልተጻፈም። በዚህ ዘመን ጎንደር ላይ ሴት ልጅ ያለው ወላጅ ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ትለቋታላችሁ?» ነው። መልሱን ሳይጠይቅ ካገኘው ግማሽ መንገድ መጥቷል።

መምህራኑን በተመለከተ «ምርጥ» አትበሉ። ምን እንደሚያስተምሩና ስንት ዓመት እንዳስተማሩ በአንድ መስመር ጻፉ። ይበቃል።

4. አጭር መልእክት፦ ሰባ ፊደል

ብዙ እናቶችና አባቶች ቴሌግራም የላቸውም፤ ኔትም ሲጠፋ ቀን ይቆጥራል። አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ማንኛውም ስልክ ላይ ይገባል። አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ክፍተቱም ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ ስልኩ ለሁለትና ለሦስት ቆርጦ ይልከዋል፤ ሒሳቡም በዚያው ልክ ይባዛል።

ይህችን ተመልከቱ፦

«ነፃ የሒሳብ ፈተና ለ12ኛ ክፍል። ቅዳሜ 3:00 ጠዋት፣ ማራኪ። ውጤት እሑድ ለወላጅ።»

54 ፊደል ናት። አሥር አሃዝ ስልክ ቁጥር ብትጨምሩባትም ከ70 አታልፍም። «ውድ ወላጆች እንደምን ሰነበታችሁ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን ሰላምታው ብቻ ከቦታው ከሩብ በላይ ይበላል። ሰላምታውን ለስልክ ጥሪው አቆዩት።

ቁጥሩን ከየት ታገኛላችሁ? ከነባር ተማሪዎቻችሁ ወላጆች፣ አምና ከጠየቁና ካልተመዘገቡ ሰዎች፣ ራሳቸው ከሰጧችሁ። ከትምህርት ቤት መዝገብ በጓሮ በር የሚወጣ የስልክ ዝርዝር ይሸጥላችኋል፤ አትግዙ። «ቁጥሬን ማን ሰጣችሁ?» ለሚል አባት የምትመልሱት አይኖርም።

5. ለተማሪው በቴሌግራም

ተማሪው ሌላ ሰው ነው። ወላጁ የሚፈራው ገንዘቡ በከንቱ እንዳይሄድ ነው። ተማሪው የሚፈራው ደግሞ ከጓደኞቹ ፊት እንዳይጋለጥና «ዘግይቻለሁ» የሚለውን ነው። ዘንድሮ ያለው ፍርሃት ሒሳብና ፊዚክስ ብቻም አይደለም። ግቢ ገብቶ ማደር አለ። ስልክ ይዞ መግባት የለም። አንዳንዱ ተማሪ በኮምፒውተር ይፈተናል። ቻናላችሁ ላይ ስለ እነዚህ ነገሮች በቀጥታ ጻፉ። ማስፈራሪያ ቆጠራ፣ «ሊደርስ 40 ቀን ቀረው!» የሚለውን ዓይነት፣ ተዉት፤ ቀኑን እሱ ራሱ እየቆጠረ ነው።

የሚሠራው ይህ ነው። በየምሽቱ 2፡00 ላይ አንድ ጥያቄ፣ በቴሌግራም የኩዊዝ ምርጫ። ለምሳሌ፦

የአንድ አሪትሜቲክ ሲክወንስ የመጀመሪያ ቁጥር 3፣ ልዩነቱ 4 ነው። ሃያኛው ቁጥር ስንት ነው? ምርጫ፦ 76፣ 79፣ 80፣ 83።

መልሱ 79 ነው፦ 3 + 19 × 4 = 79። ብዙ ልጅ ግን 83 ላይ ይጫናል። በነጋታው ጠዋት የምትጽፉት «ትክክለኛው መልስ 79» ብቻ ከሆነ ማስታወቂያችሁ ባከነ። እንዲህ ጻፉ፦ «83 የመረጣችሁ ቀመሩን ታውቁታላችሁ። 20 × 4 ነው ያላችሁት። ግን ከመጀመሪያው ወደ ሃያኛው ለመድረስ የሚዘለለው 19 ጊዜ ነው። ስለዚህ ያጠራችሁ አንድ ነጥብ ናት፤ ምዕራፉን እንደ አዲስ አትጀምሩት።»

ያ ልጅ ያን ጠዋት አንድ ነገር አወቀ፤ ደንቆሮ እንዳልሆነም ተነገረው። ይህን ከሰማበት ቦታ ቅዳሜ ቢመጣ አይገርምም። ከሥር አንድ መስመር ብቻ ጨምሩ፦ «ቅዳሜ 3፡00 እንደዚህ ያሉ ሃያ ጥያቄዎች በነፃ። ውጤቱን ከእናንተና ከወላጆቻችሁ በቀር ማንም አያይም።»

ቪዲዮና ከባድ ፋይል አታብዙ። ኔት ሲደክም ጽሑፍና ትንሽ ፎቶ ይገባል፤ ሌላው እየተሽከረከረ ይቀራል። ድምፅ ከላካችሁም ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ።

በዚህ ሰሞን «የወጣ ፈተና አለን» የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ። ገንዘብ ይበላሉ፣ ልጁንም ወንጀል ውስጥ ይከታሉ። ስለ እነሱ አንድ ጊዜ ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ፦ «እኛ ዘንድ የወጣ ፈተና የለም፤ አለን የሚላችሁን አትመኑ።» «የሚመጡ ጥያቄዎች» የሚል ርዕስም አትጠቀሙ። ምንም ባታስቡበት ወላጅ ጆሮ ላይ ሌላ ነገር ይመስላል።

6. ወረቀቱ የት ይቀመጥ

ምሰሶና አጥር ላይ መለጠፍ ከከተማው ፈቃድ ይጠይቃል። ቢፈቀድም የሰኔ ዝናብ ሁለት ቀን አያቆየውም። ቤት ውስጥ፣ ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ፋሲለደስ ሁለተኛ ደረጃ አካባቢም ሆነ አዘዞ፣ ከትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት በዚህ ሰሞን ከቀትር በኋላ በተማሪ ይጨናነቃል። ወርክሺትና ያለፉ ዓመታት ፈተና የሚያስባዛ ልጅ ሌላ ቦታ ከምታገኙት ሁሉ ቀዳሚ ደንበኛችሁ ነው። ለባለቤቱ የራሳችሁን ወረቀቶች ሁሉ እሱ ዘንድ እንደምታስባዙ ንገሩት፤ ማሽኑ አጠገብ አንድ እሽግ ያስቀምጥላችኋል። ወፍጮ ቤትና ፋርማሲ ደግሞ እናቶች ቆመው የሚጠብቁበት ነው። እድር ላይ ዳኛውን አስፈቅዳችሁ በስብሰባው መጨረሻ አንድ ሰው ለሁለት ደቂቃ ቢናገር ከመቶ ወረቀት ይበልጣል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ግን አትበትኑ። ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ሲወጣ እጁ ላይ ወረቀት መጫን ደስ አይልም፤ ወረቀቱም ደጀ ሰላሙ ላይ ተጥሎ ይገኛል።

በየወረቀቱ ጥግ ላይ አንዲት ፊደል አትሙ። ለፎቶ ኮፒ ቤት «ፎ»፣ ለእድር «እ»፣ ለወፍጮ ቤት «ወ»። ቅዳሜ የሚመጣው ልጅ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ በሉ፤ ያልያዘውን በር ላይ «ከየት ሰማህ?» ብላችሁ ጻፉ። ለሚቀጥለው ዓመት ገንዘባችሁን የት እንደምታወጡ የምታውቁት ከዚህ ነው።

7. ቅዳሜ

በሰዓቱ ጀምሩ፣ በሰዓቱ ጨርሱ። የተማሪውን ስም፣ ትምህርት ቤትና የወላጅ ስልክ ብቻ ውሰዱ። ሲወጣ ለወላጁ የእሑድ ሰዓት የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይያዝ። ያን ቀን ስለ ምዝገባ አንድም ቃል አታንሱ።

ማታ ወላጁ ጋ ደውሉ። «ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ከማስጠኛው ነው። ልጅዎ ዛሬ ፈተናውን ወስዷል። ውጤቱን በስልክ አልነግርዎትም፣ በወረቀት ባሳይዎት ይሻላል። ነገ 8፡20 ላይ ከሱ ጋር ቢመጡ ከአሥር ደቂቃ በላይ አላቆይዎትም።» ውጤቱን በስልክ የምትናገሩ ከሆነ ቁጥሩ ብቻ ይሰማል፤ ልጁም ያን ሌሊት ቤት ውስጥ የሚደርስበትን አስቡት።

8. እሑድ ከሰዓት

ሥራው ሁሉ የሚያልቀው እዚህ ነው። ስለዚህ አንዷን ወረቀት ከፍተን እንያት።

አንዲት ተማሪ ከሃያው ዘጠኝ መልሳለች። አባቷ ወረቀቱን አይቶ «ግማሽ እንኳ አልሞላችም» ይላል። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ «አላልኩሽም!» ሊል ነው። አፉን ሳይከፍት ወረቀቱን ወደ ልጅቱ አዙሩት፤ መጀመሪያም ከእሷ ጋር ተነጋገሩ። «ከ15ኛው ጀምሮ ያሉት ስድስቱ ባዶ ናቸው። ሰዓቱ አለቀብሽ ወይስ ከብደውሽ ነው?» «ሰዓቱ አለቀ» ትላለች። ረቂቋን ክፈቱ። አራተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ሠርታ፣ ሰርዛ፣ እንደገና ሠርታለች። ያው እዚያ ነው።

አሁን ለአባቷ፦ «ጋሼ፣ የነካችው 14 ጥያቄ ነው። ከ14ቱ ዘጠኙን አግኝታለች። ከአምስቱ ስህተት ሦስቱ ስሌት ነው፤ ሁለቱን ብቻ አታውቃቸውም። በዚሁ አያያዝ ሃያውንም ብትነካ ወደ 12 እና 13 ትደርሳለች። የኋለኞቹ ሊከብዱ ስለሚችሉ ቃል አልገባልዎትም። ግን ችግሯ አለማወቅ አይደለም፣ አንዱ ጥያቄ ላይ መቅረት ነው።»

አባቱ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ይቀራል። «ታልፋለች?» ይላል። ሁሉም ይጠይቃል። «በእርግጠኝነት!» ማለት ያጓጓል፤ ምዝገባውም ያኔውኑ ያልቃል። መልሱ ግን ይህ ነው፦ «ይህን አላውቅም ጋሼ። የማውቀው በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰዓት አጠቃቀሟን ማስተካከል እንደምንችል ነው። በሦስተኛው ሳምንት ተመሳሳይ ፈተና እንሰጣታለን። ወረቀቱን ለእርስዎ እናሳያለን። ለውጥ ካላዩ የዚያን ወር ቀሪ ክፍያ ይወስዳሉ።» ይህን ማለት የምትችሉት ገንዘቡን ለመመለስ ከወሰናችሁ ብቻ ነው። ካልወሰናችሁ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አውጧት።

እዚያው ገንዘብ አትቀበሉ። ቤታቸው ሄደው ይማከሩ። እስከ ረቡዕ ቦታውን ያዙላቸውና ረቡዕ አንድ ጊዜ ደውሉ። ሁለት ጊዜ አይደወልም።

ሁለት ዓይነት ልጅ ደግሞ ለመመዝገብ ቢጠይቅም መመለስ አለበት። አንዱ 17 እና 18 ያመጣው ነው። «ቤትህ ሆነህ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን በሰዓት ሥራ፣ ወር ላይ ናና እንይህ» በሉት፤ ቤተሰቡ ይህን ለጎረቤት የሚያወራው ወሬ ከማንኛውም ባነር ይበልጣል። ሌላው ሁለትና ሦስት ያመጣው፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መሠረቱ የጎደለ ልጅ ነው። እሱን በ12 ሰው ክፍል ውስጥ በሁለት ወር አትደርሱለትም። እውነቱን ተናግራችሁ በግል የሚያስጠናው ሰው ጠቁሙት። አለበለዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝም ይላል፣ እናንተም በየወሩ ትከፈላላችሁ፤ ውጤት ሲወጣ ግን ስማችሁ ይነሳል።

አንዳንድ ልጅ ወረቀቱ ላይ የማይታይ ነገር ይዞ ይመጣል። እንቅልፍ ካጣ ሳምንታት የሆነው፣ ምግብ የተወ፣ ፈተናው ሲነሳ እጁ የሚንቀጠቀጥ። ይህን ስታዩ ምዝገባውን ተዉትና ለወላጁ ለብቻው ንገሩት። ጤና ተቋም መሄድ ያለበትን ልጅ ተጨማሪ ወርክሺት አያድነውም።

9. የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት

ማስታወቂያ ይቁም። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ተማሪ መመዝገብ የሰው ገንዘብ መብላት ነው። «የመጨረሻ ሰዓት ክራሽ ፕሮግራም» ብሎ የሚለጥፈውን ጎረቤታችሁን አይታችሁ አትከተሉ።

ቻናሉ ግን አይዘጋም። ጥያቄውን ወደ ቀላል አውርዱት፤ ልጁ አግኝቶት እንዲተኛ። መግቢያ ካርድና መታወቂያ እንዳይረሱ፣ ስልክ ቤት ትተው እንዲሄዱ፣ ለማደሪያ ብርድ ልብስ እንዲይዙ አስታውሱ። የፈተና ፕሮግራሙን ራሳችሁ አትገምቱ፤ በይፋ የወጣውን ብቻ አስተላልፉ። አንድ የተሳሳተ ቀን ብትለጥፉ በዓመት የገነባችሁት እምነት በአንድ ከሰዓት ይሄዳል።

10. ውጤት ሲወጣ

ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ለልጁም ለወላጁም ደውላችሁ አስፈቅዱ። ከፍተኛ ያመጣውን ብቻ ሳይሆን ያልሞላለትንም ልጅ ደውላችሁ አነጋግሩ፤ ሬሜዲያል ካለው ስለሱ፣ ከሌለው ስለ ድጋሚ ፈተና አማክሩት።

ከዚያ ውጤታችሁን በአንድ መስመር ጻፉ። ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ የሚችለው እንዲህ ያለው ብቻ ነው፦ «አምና 24 ተማሪ ጀመረ፣ 21 እስከ መጨረሻ ቆየ፣ ከ24ቱ 7ቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ አመጡ።» ሦስቱን ያቋረጡትን ከቁጥሩ አታውጡ፤ በ21 ስታካፍሉት ያምራል፣ ግን ያቋረጠው ልጅ እናት ያንን ወረቀት ታነበዋለች። 7 ከ24 ከአገር አቀፉ ቁጥር ይበልጣል ብላችሁም አትፎክሩ። ወደ እናንተ የመጣው ልጅ ከመጀመሪያውም የሚከፍልለት ወላጅ ያለውና ለማጥናት የተዘጋጀ ነው። መስመሯን ከጥግ ፊደሎቹ ቆጠራ ጋር አንድ ደብተር ላይ አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ወረቀት ሲጻፍ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።